የእማዬን የሠርግ ካሴት አራት አገር ተበትነን እንዴት አብረን እንይ?

«የምኖረው ደሴ ሆጤ ከእናቴ ጋር ነው። ታላቅ ወንድሜ ዋሽንግተን፣ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ ታናሽ ወንድሜ ስቶክሆልም ናቸው። አባታችን ካረፈ በኋላ የሁለቱን የሠርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥነው። የ1988 ሠርግ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ምሽት ሁላችንም ከእማዬ ጋር አብረን ልናየው ፈለግን። ሁለት ጊዜ ሞከርን። ታላቄ በዋትስአፕ ቪዲዮ ከኮምፒውተሩ ሊያሳየን ሲሞክር ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው ገና አላየም። እህቴ ጭራሽ መግባት አልቻለችም። እማዬ ‹ይቅር ልጆቼ፣ አትቸገሩ› አለችን። እኔ ግን እንዲቀር አልፈልግም። ምን ላድርግ?»

እንዲቀርማ አይቀርም፣ እህቴ። ነገሩ የተበላሸው በእናንተ ስንፍና ሳይሆን በመንገዱ ነው፣ መንገዱን ብቻ ቀይሩት።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልጠይቅሽ። በሁለቱ ሙከራ እማዬ ምን እያየች እንደነበር ታውቂያለሽ? ይህን የምልሽ በእኛ ቤት ስለደረሰ ነው። ኮምቦልቻ ያለው አባቴ የአጎቴን ልጅ ሠርግ እንዲሁ በስልክ እንዲያይ አድርገን ነበር። እኛ እየሳቅን «አባዬ ይታይሃል?» ስንለው «አዎ፣ እያየሁ ነው፣ ቀጥሉ» ይላል። በኋላ አጠገቡ የነበረው የወንድሜ ልጅ ሲነግረን፣ እሱ ዘንድ የታየው ሙሽራዋ አፏን ግማሽ ከፍታ የቆመችበት አንድ ምስል ብቻ ነው። እንዳናዝን ብሎ ዝም አለ። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ለትልቅ ሰው «ይታያል?» አልልም። «አሁን ማን ነው የሚታየው? ምን ለብሷል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ስትሰሚ ወዲያው ይገባሻል።

ምክሬ አጭር ነው፦ ምስሉን በጥሪ አታስተላልፉ። ፋይሉ ቀድሞ እያንዳንዱ ቤት ይግባ፣ በዕለቱ በኔትወርክ የሚሄደው ድምፃችሁ ብቻ ይሁን።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የኮምፒውተርን ስክሪን በጥሪ ለሌላው ማሳየት፣ ስክሪን ሼር የሚባለው ነገር፣ በዋናነት ጽሑፍና ሰነድ ለማሳየት የተሠራ ነው። መስመሩ ሲደክም ፊደሉ እንዳይደበዝዝ ብሎ የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ይቀንሳል። ለሰነድ ጥሩ ነው፣ እስክስታ ሲሆን ግን ትከሻው መንቀጥቀጡን ይተውና ተከታታይ ፎቶ ይሆናል። በዚያ ላይ ታላቅሽ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ነገር ተጨምቆ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ደሴ ያለው ስልክ ላይ እንደገና መፈታት አለበት። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ በራሱ መስመር ልክ ስለሚቀበል መዘግየቱም እኩል አይደለም። ሳቃችሁ የተለያየው ለዚህ ነው። ፋይሉ ቤት ውስጥ ካለ ግን ምስሉ ከፍላሽ ላይ ነው የሚነበበው፣ ኔትወርክ ቢደክም እንኳን ሠርጉ አይቆምም።

አሁን ፋይሉን እናስተካክለው። 4 ጊጋባይት ለናንተ አያስፈልጋችሁም። የድሮ ካሴት ምስል ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ጥራት ነው ያለው፣ ፋይሉን ማግዘፍ የሌለውን ጥራት አያመጣም። ስቶክሆልም ያለው ታናሽሽ ኮምፒውተር ካለው ሥራውን እሱ ይያዘው። HandBrake የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። እዚያ ላይ Fast 576p25 የሚለውን ይምረጥ፣ የኛ አገር ካሴቶች የተቀዱበት የፓል ልክ እሱ ነው። የቪዲዮውን ቢትሬት 900፣ የድምፁን 96 ያድርገው። አንድ ላይ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ገደማ ይሆናል፣ ያ ማለት አንድ ሰዓት ተኩሉ በሙሉ ወደ 675 ሜጋባይት ይወርዳል። ዋናውን ትልቁን ፋይል ግን እንዳትሰርዙት፣ እሱ ለዘላለም ይቀመጥ።

ከዚያ ሦስት ቦታ ይክፈለው። እዚያው ፕሮግራም ላይ ከየትኛው ሰከንድ እስከ የትኛው እንደሚፈልግ መምረጥ ይችላል። ሦስት ያልኩሽ ለቡናው ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ወደ 225 ሜጋባይት ይሆናል። ጭፈራ መሃል እንዳይቆርጥ ንገሪው፣ ትዕይንት ሲያልቅ ይቁረጥ፣ 28 ደቂቃም 33 ደቂቃም ቢሆን ችግር የለም። መክፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። አንዳችሁ ወደፊት ወይም ወደኋላ ብትቀሩ እንኳን አዲስ ክፍል ሲጀመር ሁላችሁም ከዜሮ እኩል ትነሳላችሁ።

የሚላከው በቴሌግራም ነው፣ ግን እንደ ቪዲዮ ሳይሆን File ብሎ ይላከው። እንደ ቪዲዮ ከሄደ አፑ እንደገና ሊጨምቀው ይችላል። አንቺ ሌሊት ላይ አውርጂው፣ የሌሊት ፓኬጅ ካለሽ ደግሞ ይረክስልሻል። ሁላችሁም ፋይሉን ስትከፍቱ የእያንዳንዱ ክፍል ጠቅላላ ርዝመት በሰከንድ ሳይቀር አንድ መሆኑን አወዳድሩ። ካልሆነ አንዱ ጋ የገባው ሌላ ቅጂ ነው፣ በዕለቱ ከምትጨቃጨቁ ዛሬ እወቁት።

እማዬ በስልክ አትይ። ዓይኗ ይደክማል፣ የሠርጉ ሰው ፊት ደግሞ ትንሽ ነው። ሦስቱን ክፍል በፍላሽ ገልብጠሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኪው። ይህን ቀደም ብለሽ ሞክሪው። አንዳንድ ቴሌቪዥን ምስሉን ያሳይና ድምፁን አያወጣም፣ ወይም ፋይሉን ጭራሽ አያነብም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፋይሉ የተጨመቀበት ዓይነት ነው። MP4 ሆኖ ምስሉ H.264 ድምፁ AAC ከሆነ ብዙ ቴሌቪዥን ያነበዋል። H.265 ከሆነ የቆየ ቴሌቪዥን እምቢ ይላል። ታናሽሽ ይህንን እንዲያይ ንገሪው፣ እዚያው ፕሮግራም ላይ የሚመረጥ ነው።

ወደ ጥሪው ልምጣ። እህትሽ ያልገባችው ስልኳ ተበላሽቶ ወይም እሷ ሳታውቅበት ቀርታ አይደለም። ኤምሬትስ ውስጥ በዋትስአፕ መልእክት እንጂ ጥሪ አይሠራም፣ አገሩ ነው የዘጋው። ቪፒኤን አውርጂ የሚላት ሰው ቢኖር እንዳትሰማ። የተከለከለን ነገር በቪፒኤን መጠቀም እዚያ አገር ከባድ የገንዘብ ቅጣት ያመጣል፣ ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ደግሞ ጣጣው ከቅጣትም ያልፋል። እንደ ዙም ያለ እዚያ የተፈቀደ ነገር ተጠቀሙ። ዙም በነፃ ሲሆን በ40 ደቂቃ ይቋረጣል። ሰው ሁሉ በዚህ ይማረራል፣ ለናንተ ግን እንዲያውም ይመቻል፦ ግማሽ ሰዓት ሠርግ፣ አሥር ደቂቃ ወሬ፣ ከዚያ ይዘጋና ቡና ይቀዳል፣ በዚያው ሊንክ ትመለሳላችሁ። ታናሽሽ በራሱ ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም Personal Meeting ID በሚለው ከከፈተው ሊንኩ አይቀየርም።

ካሜራ ዝጉ። ማየት የምትፈልጉት ሠርጉን ነው፣ መስማት የምትፈልጉት እማዬን። ፊት ለፊት መተያየት ካማራችሁ በቡናው መሃል አምስት ደቂቃ ክፈቱና ዝጉ። የድምፅ ብቻ ጥሪ የሚበላው ዳታ ከቪዲዮው ጋር አይወዳደርም፣ የደሴ መስመር ማታ ሲጨናነቅም ብዙ ጊዜ ድምፅን ይሸከማል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ማይኩ። ቴሌቪዥኑ ሠርጉን ያሰማል፣ የስልኩ ማይክ ያን ድምፅ ይሰማና ወደ ሁሉም ይልከዋል። ስልክ ከራሱ ስፒከር የሚወጣውን ድምፅ ያውቀዋል፣ እሱን ከማይኩ ላይ ይቀንሰዋል። የቴሌቪዥኑን ግን አያውቀውም፣ ስለዚህ እንደዚያ አይቀንሰውም። አራት ቤት አራት ማይክ ከተከፈተ እልልታው አራት ጊዜ ይመጣል፣ ጆሮ ይበጥሳል። መፍትሔው የእማዬ ማይክ ብቻ ሁልጊዜ ክፍት መሆኑ ነው። የሌሎቻችሁ ዝግ ይሁን፣ ስትናገሩ ብቻ ክፈቱት። ሦስቱም ውጭ ያሉት ኢርፎን ያድርጉ። የእማዬን ስልክ ከቴሌቪዥኑ ራቅ አድርገሽ እሷ አጠገብ፣ ረከቦቱ ጎን ትራስ ላይ አስቀምጪው። የቴሌቪዥኑን ድምፅም ትንሽ ቀነስ አድርጊው።

የእማዬ ማይክ ይዘጋ የሚልሽ ካለ እምቢ በይ። ካሴቱን እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ማየት ይችላሉ። አብረው የሚያዩት እሷ «ውይ፣ ይቺ እኮ እገሊት ናት!» ስትል ለመስማት ነው።

ማይኳ ክፍት መሆኑ ሌላም ነገር ይሰጣችኋል። ውጭ ያሉት ከራሳቸው ቪዲዮ ድምፅ ሥር የእማዬን ቴሌቪዥን በስሱ ይሰማሉ። ሁለቱ ድምፅ ከተጠጋጉ ደህና ናችሁ። ትንሽ መለያየቱ አይቀርም፣ ጥሪው ራሱ የሰከንድ ስባሪ ያህል ይዘገያል። ግን አታሞው ሁለት ቦታ ለየብቻ ሲመታ ከተሰማ አንዱ ተንሸራቷል ማለት ነው።

አጀማመሩ እንዲህ ይሁን። ሁሉም ክፍል አንድን ይክፈትና 0 ሰከንድ ላይ ያቁም። አንቺ ሪሞቱን ይዘሽ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ክፈቱ» በይ። አምስት ደቂቃ ላይ ስትደርሺ ጮክ ብለሽ «አምስት ደቂቃ!» በይ። ቀድሞ ያለፈ ሰው የቀደመውን ያህል ያቁም፣ ወደኋላ የቀረ ወደፊት ይዝለል። አንቺ ግን አትንቀሳቀሺ። እማዬ ጋ ያለው ቴሌቪዥን ሰዓታችሁ ነው፣ አራቱም ቤት በእሷ ልክ ይሄዳል። ለእሷ ሲባል ሁሉም ይቁም እንጂ ለሌላ ሰው ተብሎ የእሷን ምስል ወዲያ ወዲህ ማድረግ አያስፈልግም፣ ግራ ይገባታል።

ለማቆምም አንድ ቃል ይኑራችሁ። «ቁሙ» ሲባል ሁሉም ያቁም፣ አንቺ ደቂቃና ሰከንዱን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንብቢላቸው፣ «12 ደቂቃ ከ40» ብለሽ። ሁሉም እዚያ ይሂድና በቆጠራ እንደገና ትጀምራላችሁ። ይህን ብዙ ጊዜ ታደርጉታላችሁ፣ እመኚኝ። ሠርግ ስታይ እማዬ በየፊቱ ታሪክ አላት። አንድ ሰዓት ተኩሉ ሦስት ሰዓት ቢወስድ አትደንግጡ፣ ጊዜውን ከወዲሁ በዚያ ልክ ያዙት። 40 ደቂቃው በጨዋታ መሃል ካለቀም ክፍሉን የግድ ለመጨረስ አትሩጡ፣ የቆማችሁበትን ጽፈሽ ተመልሳችሁ ግቡ።

ሰዓቱን ላስላልሽ። ቅዳሜ ይሁን፣ እማዬ ኢሻ ሰግዳ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ያኔ ዱባይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እነሱ 9 የሚሉት። ስቶክሆልም በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በነሱ 6። ዋሽንግተን እኩለ ቀን ላይ ነው፣ በነሱም 12፣ በኛ 6 ሰዓት። እኛ ሰዓታችንን አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመለሳል። አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሄዶ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመለሳል። መካከል ላይ ባሉት ሳምንታት አንዱ ቀይሮ ሌላው አልቀየረም፣ ባለፈው የሠራው ስሌት ያን ጊዜ አይሠራም። ጥር ላይ ካደረጋችሁት ከዚህ ሁሉ ነፃ ናችሁ፣ ወሩም የሠርግ ወር ነው።

«8 ሰዓት ላይ» የሚል መልእክት በጭራሽ እንዳትልኪ። አንዱ ከሰዓት በኋላ ይጠብቃል፣ ሌላው ማታ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ግድግዳቸው ላይ ያለው ሰዓት የሚያሳየውን ጻፊላቸው፣ ቀኑንም አብረሽ።

እህትሽን ደግሞ አስቢያት። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ አሠሪዎቿ እንግዳ ቢጠሩስ? ቀድማ ጠይቃ የምታርፍበትን ቀን ትንገራችሁ፣ ቀኑ በእሷ ይወሰን። ሌሎቻችሁ ጊዜያችሁ በእጃችሁ ነው፣ የእሷ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ብትዘገይ በቶናው ትገባለች። ለዚህም ነው ፋይሉ ስልኳ ላይ ቀድሞ መኖር ያለበት። አንድ ስልክ ብቻ ካላት ግን ችግር አለ። በዙም ላይ ሆና በዚያው ስልክ ቪዲዮ ስትከፍት አንዱ የሌላውን ድምፅ ሊቀንስባት ወይም ሊያጠፋባት ይችላል። የቪዲዮውን ድምፅ አጥፍታ ምስሉን ብቻ ትይ፣ ድምፁን ከእማዬ ማይክ ትስማ። በሐሙሱ ሙከራ በደንብ ከተሰማት ይበቃል፣ ምናልባትም ከሁሉም ይልቅ እማዬ ጎን የተቀመጠች የሚመስላት እሷ ትሆናለች።

መብራት ቢሄድስ? ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ዋይፋይም አብሮት። ስለዚህ ሦስቱ ክፍሎች በሁለተኛ ስልክ ወይም በላፕቶፕም ላይ ይኑሩ፣ ቻርጁ ይሙላ፣ ስልክሽ ላይ ትንሽ የዳታ ፓኬጅ ይኑር። መብራት ሲሄድ «ቁሙ» ብለሽ ሰከንዱን ጻፊ። አሥር ደቂቃ ቡና ጠጡና ጠብቁ፣ ካልመጣ በላፕቶፑ ቀጥሉ። እማዬ በጋቢዋ ተጠቅልላ ላፕቶፕ ላይ ማየቱ ምንም አይደለም፣ ደሴ ላይ ጥር ማታ ብርዱን ታውቂው የለ።

ሐሙስ ማታ አምስት ደቂቃ ሞክሩ። እማዬን አትጥሪያት፣ ልጆቹ ብቻ። ፍላሹ ይነበባል? ዱባይ ትገባለች? አታሞው ስንት ጊዜ ይሰማል? ይኸው ነው ሙከራው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ታናሽሽ በኮምፒውተር ከሆነ ዙም ላይ Record የሚለውን ይጫን፣ በኮምፒውተር ላይ መቅዳት በነፃም ይቻላል። ለእማዬ ግን አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ሳታውቅ እንዳይቀዳ። እሷ ከዚያ ካሴት ውስጥ ማን ማን እንደሆነ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንዳረፈ የምታውቅ ብቸኛ ሰው ናት። አባታችሁ ከሚዜዎቹ ጋር ሲገባ ዝም ካለች እናንተም ዝም በሉ፣ «አይዞሽ» ለማለት አትቻኮሉ፣ ቪዲዮውንም አንቺ ካላቆምሽ አታቁሙት። ራሷ ትናገራለች። ሲያልቅ ያን የተቀዳ ድምፅ ታናሽሽ ከሠርጉ ሦስት ክፍሎች ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጠው፣ ቀኑን ጽፎበት፣ ለአራታችሁም ይላክላችሁ።